«ትንሽ ቀን» ሳይሆን «እስከ ረቡዕ»

«ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት አንድ አስመጪ ድርጅት ደውሎ "አልፈሻል፣ ሰኞ ጀምሪ" አለኝ። ደብዳቤውንም በኢሜይል ልከውልኛል፤ ደመወዙ 14,000 ብር ነው። ግን አንድ ባንክ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ኢንተርቪው አድርጌያለሁ፤ ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይነገራችኋል ብለውናል። ልቤ ባንኩ ጋ ነው። ትንሽ ቀን ስጡኝ ብላቸው ይሰርዙኛል? ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ጊዜ ስለጠየቅሽ ብቻ ደብዳቤውን የሚቀድ ቀጣሪ ብዙ አይደለም። «ትንሽ ቀን» የምትለዋን ቃል ግን ተያት፤ ችግር የምታመጣው እሷ ናት።

እስኪ በኤች አር ወንበር ተቀምጠሽ እዪው። ካንቺ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣ ሰው አለ። አንቺ እሺ እስክትዪ ድረስ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀምጧል። እሱም እንዳንቺ ሌላ ቦታ አመልክቶ ይሆናል። የፋይናንስ ኃላፊው ደግሞ ሰኞ ሰው ይገባልሃል ተብሏል። «ትንሽ ቀን» ስትዪ ኤች አሯ የምታስበው ይህን ነው፦ ትንሽ ማለት ስንት ነው? እስከዚያ ተጠባባቂውን ባጣውስ? «እስከ ረቡዕ 10 ሰዓት» ካልሻት ግን ለአለቃዋ የምትነግረው ነገር አገኘች።

ቀኑን ከመጥራትሽ በፊት ግን ባንኩ ጋ ደውዪ። ነገ ዓርብ ነው፤ የምሳ እረፍቱ ስለሚረዝም ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ያዢያቸው። ልመና የለውም። «ኢንተርቪው አድርጌ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሥራ ስላገኘሁ እስከ ረቡዕ መልስ መስጠት አለብኝ። ውጤቱ እስከዚያ ይደርሳል?» በቂ ነው። ባንኮች ብዙ ሰው በአንድ ላይ ስለሚቀጥሩ ላንቺ ብለው አያፋጥኑም። ግን «ዝርዝሩ ጸድቋል፣ ማክሰኞ እንለጥፋለን» እና «ገና አልተፈረመም» የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሁለተኛውን ከሰማሽ «በሚቀጥለው ሳምንት» የተባለው ወር ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ላይ ተስፋ ጥለሽ ቀን አትጠይቂ።

ለምን ረቡዕ አልኩ? እነሱ ሰኞን ነው የሚፈልጉት። ረቡዕ መልሰሽ ሐሙስ ብትጀምሪ የሚያጡሽ ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ ይህን ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ብዙ ቀጣሪ ይታገሳል። ሳምንት ሙሉ ከጠየቅሽ ግን ተጠባባቂው ይደወልለታል። ደብዳቤው ላይ «እስከዚህ ቀን አረጋግጪ» የሚል ካለ ደግሞ ጥያቄሽ ከዚያ ቀን በፊት መድረስ አለበት። ካለፈ በኋላ ማራዘሚያ መጠየቅ የማይነሳ ስልክ እንደመደወል ነው።

ከባንኩ ጋር ካወራሽ በኋላ ድርጅቱ ጋ ደውዪ፤ ወዲያው ደብዳቤው በመጣበት ኢሜይል ላይ መልሺ። ስልኩ ጥሩ ስሜት ይሰጣል፣ ኢሜይሉ ማስረጃ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ብቻ አትተዪው። እንዲህ ልትጽፊ ትችያለሽ፦

«የተከበሩ ወ/ሮ ... ፣ ለጁኒየር አካውንታንት የሥራ መደብ ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ቦታውን ወድጄዋለሁ። ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው፣ የመጨረሻ መልሴን እስከ ረቡዕ 10 ሰዓት እንዳሳውቅ ቢፈቅዱልኝ ደስ ይለኛል። መልሴ እሺ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ሥራ መጀመር እችላለሁ። ይህ ለእናንተ የማይመች ከሆነ እባክዎ ዛሬውኑ ያሳውቁኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታውጪያት። ዝም ብለውሽ ሰኞ «ቀረሽ» እንዳይሉሽ የምታደርግ እሷ ናት።

ምክንያቱን አልጻፍኩም፤ ሆን ብዬ ነው። በስልክ «ሌላ ሥራ አለሽ እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው ግን አይቀርም። «ቀደም ብዬ የጀመርኩት ሂደት አለ፤ ውጤቱን ሰምቼ በሙሉ ልቤ ልወስን ብዬ ነው» በዪ። የባንኩን ስም መጥራት የለብሽም። እናቴ ታመመች፣ አክስቴ ሞተች የሚለውን ግን ተዪው። ሐሙስ ቢሮ ስትገቢ «እናትሽ እንዴት ሆኑ?» ይሉሻል።

በዚሁ ስልክ ላይ ለውሳኔሽ የሚያስፈልጉሽን ነገሮች ጠይቂ። 14,000ው ያልተጣራ ነው ወይስ እጅሽ የሚገባ? ያልተጣራ ከሆነ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 980 ብር ይቆረጣል፤ የሥራ ግብሩ ከዚያ ሌላ ነው። ዋስ ይፈልጋሉ? ገንዘብ ነክ ሥራ ስለሆነ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ዋስ የሚሆንሽ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ለማጻፍ ራሱ ቀናት ሊፈጅበት ይችላል። እንዲያውም ዋስ ካስፈለገ ሐሙስ መጀመር ለእነሱም ይቀላል።

ደመወዝ ጨምሩልኝ የሚለውን ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅዪ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የቀረበልሽን ሐሳብ ለውጠሽ ከተቀበልሽ የመጀመሪያውን እንዳልተቀበልሽና አዲስ ሐሳብ እንዳቀረብሽ ነው የሚቆጠረው። «16,000 ካደረጋችሁት እሺ» ካልሽ፣ 14,000ው ጠረጴዛው ላይ አለ ብለሽ አትተማመኚ። ቀን መጠየቅ ግን ቅድመ ሁኔታ ስለሌለው ያቀረቡልሽን አይነካም።

«ዛሬ ካልሆነ ለሌላ እንሰጣለን» ቢሉሽስ? ያኔ ባንኩን ለአፍታ እርሺውና አንድ ነገር ጠይቂ፦ ባንኩ ባይኖር ኖሮ ይህን ሥራ እይዘው ነበር? አዎ ከሆነ ያዢው። ውጤቱ ያልታወቀ ኢንተርቪው ይዘሽ ያገኘሽውን ሥራ መግፋት ለአዲስ ተመራቂ አይመከርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሕጉ ስለፈቀደ ግን ሰኞ ፈርሞ ሐሙስ መጥፋት አያምርም። የአካውንታንት ሠፈር ጠባብ ነው፤ የዛሬዋ ኤች አር ነገ ሌላ ድርጅት ውስጥ ፋይልሽን ልትከፍት ትችላለች። ባንኩ በሁለተኛው ሳምንት ከጠራሽ በዚያው ቀን ለኃላፊሽ ንገሪ፣ የያዝሽውን አስረክበሽ ውጪ።

ረቡዕ ደርሶ ባንኩ ዝም ካለ ሁለተኛ ማራዘሚያ አትጠይቂ። አንዴ ሲጠየቅ ሰው ያስባል ይባላል፣ ሁለቴ ሲሆን አትፈልግም ይባላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ባንኩን ለመጨረሻ ጊዜ ደውለሽ አረጋግጪ። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ድርጅቱ ጋ ደውዪ፤ 10 ሰዓትን አትጠብቂ። እሺ ከሆነ የትኞቹን ኦሪጅናል ሰነዶች ይዘሽ እንደምትመጪ ጠይቂ። እምቢ ከሆነም ራስሽ ደውለሽ ተናገሪ፣ ተጠባባቂው በዚያው ቀን እንዲጠራ።