ለሦስት ሰዓት ስብሰባ ከሐዋሳ አዲስ አበባ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ባለ የፕሮጀክት ቅርንጫፍ ቢሮ የንብረት ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። የዋናው ቢሮ የፋይናንስ ኃላፊ ሐሙስ ሰኔ 25 ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት አዲስ አበባ እንድገኝ በኢሜይል የስብሰባ ጥሪ ልከውልኛል። አጀንዳው ሦስት ነው፦ የሦስት ዕቃዎች ልዩነት፣ የሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር፣ በቆጠራ ቅጹ ላይ ማን እንደሚፈርም። እኛ ደግሞ ከረቡዕ እስከ ዓርብ የዓመቱን ቆጠራ እናካሂዳለን። በስልክ ወይም በኢሜይል እንጨርሰው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አባቴ ግን «አለቃ ሲጠራ አይቀርም፣ እንጀራሽን ትዘጊያለሽ» ይለኛል። ባልደረቦቼ ደግሞ «አበል አለው፣ ምን ቸገረሽ» ይላሉ። እግረ መንገዴን፦ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ኤሲሲኤ? ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ልጠይቅ ወይ?

መልስ፦ አትሂጂ። ነገር ግን «ሥራ በዝቶብኛል» ብለሽም አትቅሪ። ሰኔ ላይ ሥራ ያልበዛበት የሂሳብ ሰው የለም፤ ኃላፊዋም በጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ሊዘጉ ተወጥረዋል። ስብሰባን ሊያስቀር የሚችለው እዚያ ሊጠየቅ የነበረው መልስ ቀድሞ በጠሪው እጅ መግባቱ ነው። ባዶ «አልችልም» ከደረሳቸው ኃላፊዋ ምንም ሳያገኙ ቀጠሯቸው ፈረሰ፤ መልሱ ከደረሳቸው ግን ሦስት ሰዓት ነፃ ወጣላቸው።

ስለዚህ አጀንዳውን ለያይው። ቁጥር የሆነ ነገር በኢሜይል ይሂድ፤ ቁጥር በአፍ ሲነገር ይሳሳታል፣ ኋላም ማንም አያስታውሰውም። ውሳኔ የሚፈልግ ነገር በስልክ ይሁን፤ በኢሜይል ከተጠየቀ ሳምንት ይፈጃል። በዚህ መለኪያ ከሦስቱ ጉዳዮችሽ ሁለቱ የኢሜይል ናቸው። የስልክ የሆነው የፊርማው ብቻ ነው፤ እሱም ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ልዩነቱን ለምሳሌ በቶነር እንየው። በአንቺ የሂሳብ ካርድ 46 አለ፣ ግምጃ ቤቱ ያለው ቢን ካርድ 43 ይላል እንበል። «የ3 ልዩነት አለ፣ እያጣራሁ ነው» ብለሽ ብትጽፊ ኃላፊዋ እንዲያውም ቶሎ ነይ ይሉሻል። መጻፍ ያለብሽ እንዲህ ነው፦ «ሰኔ 12 በወጪ ሰነዱ በሞዴል 22 ሦስት ቶነር ወጥቷል፤ ግምጃ ቤቱ ቢን ካርዱ ላይ ቀንሶታል፤ የሂሳብ ክፍሉ ቅጂ ስላልደረሰኝ ከካርዴ አልተቀነሰም። የሞዴል 22ቱ ፎቶ ተያይዟል።» ከዚህ በኋላ ስለ ቶነር የሚያሰበስብ ነገር የለም። ሁለቱን ሌሎች ዕቃዎችም በዚሁ መልክ፣ እያንዳንዱን በአንድ መስመር አስቀምጪ፦ የዕቃው ስም፣ የካርድሽ ቁጥር፣ የቢን ካርዱ ቁጥር፣ ልዩነቱ፣ ምክንያቱ፣ የሰነዱ ቁጥር። የምክንያቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ኢሜይሉ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ገደብ አለው። የጎደለው ዕቃ በወረቀት ካልተገኘ፣ ማለትም ሞዴል 22ም ሌላ ሰነድም ከሌለ፣ ምክሬ ይገለበጣል፤ ሰነድሽን ይዘሽ ሂጂ። ያልተብራራ ጉድለት ባለበት በአካል ያልተገኘ ሰው ሸሸ ይባላል፣ በስልክም ማስረዳት አይቻልም። ስለ አንቺ ሥነ ምግባር የሚነሳበት ስብሰባም እንዲሁ በስልክ አይተካም።

ኢሜይሉን ከመላክሽ በፊት የቅርንጫፍሽን ኃላፊ በቃል አናግሪ። ዋናው ቢሮን በራስሽ ጊዜ «አልመጣም» ማለትሽን ከሌላ ሰው ከሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ያኔ የሚደግፍሽ ታጫለሽ። ካወቁ በኋላ ኢሜይሉን ለጠሪዋ ብቻ ላኪ፣ እሳቸውን በግልባጭ አድርጊ። ስብሰባው ላይ ለተጠሩት ሁሉ አትመልሺ፤ አንቺ ስትቀሪ ያየ ሌላው ቅርንጫፍም ይቀራል፣ ስብሰባውን ያፈረስሽው አንቺ ትሆኛለሽ።

እኔ ብሆን ሰኞ ጠዋት የምልከው ይህን ነው፦

«ርእስ፦ የሐሙስ ሰኔ 25 ስብሰባ፤ ማብራሪያው ተያይዟል፣ ቀሪውን በ15 ደቂቃ ስልክ

ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ …፣

ለሐሙሱ ስብሰባ ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጠዋት ዋናው መጋዘን ስለሚቆጠርና የመጨረሻዎቹን የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቁጥሮች የምመዘግበው እኔ ስለሆንኩ ከሐዋሳ መውጣት አልችልም። የሦስቱን ዕቃዎች ልዩነት ማብራሪያ ከነሰነዱ፣ እንዲሁም የሚወገዱ ዕቃዎችን ዝርዝር አያይዣለሁ። የእርስዎን ውሳኔ የሚጠብቀው አንድ ጉዳይ ነው፦ በቆጠራ ቅጹ ላይ ከኮሚቴው ጋር የሚፈርመው ማን ነው? ነገ ማክሰኞ ሰኔ 23 ከጠዋቱ 3፡30 ወይም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ለ15 ደቂቃ ብደውልልዎ ይመችዎታል? አባሪውን ተመልክተው በአካል መገኘቴ የግድ ነው ካሉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ያሳውቁኝ፤ በቆጠራው ላይ ሰው ተክቼ እመጣለሁ።»

ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደሆነ ልብ በይ፤ ሁለተኛ ምክንያት ሲጨመር የመጀመሪያው ይደክማል። ምክንያቱ ደግሞ የእውነት ነው። ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው የገቢና የወጪ ሰነድ፣ ማለትም የሞዴል 19 እና የሞዴል 22፣ ቁጥር ካልተያዘ፣ በቆጠራው ሰዓት የወጣ ዕቃ አንዴ እንደተቆጠረ አንዴ እንደወጣ ሆኖ ሌላ ልዩነት ይወልዳል። «አሞኛል»፣ «ኔትወርክ የለም» የሚሉ ሰበቦችን ተያቸው፤ ሐሙስ በቆጠራው ላይ ቁጥሮቹን የምትመዘግቢው አንቺ ነሽ፣ ውሸቱ በራስሽ እጅ ይጋለጣል። «መቼ ይመችዎታል?» ብለሽም አትጠይቂ። ሁለት ሰዓት አቅርበሽ አንዱን ምረጡ ስትይ ኃላፊዋ ከስልካቸው ላይ «9» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ነው። የጥሪው ካላንደር ላይ 9:00 AM የሚለው የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። በኢሜይልሽ «9 ሰዓት» ብቻ ብትዪ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ሳትዪ አትለፊ። ቀኑንም በቁጥር ብቻ አትጻፊው፣ የሳምንቱን ቀንና የወሩን ስም አብረሽ አስፍሪ።

ቁልፉን ከመጫን ደግሞ ቆይ። የጥሪው ኢሜይል ላይ No ወይም Decline የሚለውን መጀመሪያ ከነካሽ፣ ለኃላፊዋ ቀድሞ የሚደርሳቸው ያለ አንዲት ቃል እምቢ ማለትሽ ነው፤ የኢሜይልሽ ጨዋነት ከዚያ በኋላ አይጠግነውም። አውትሉክ ላይማ ቀጠሮው ከካላንደርሽም ይነሳል፣ ኋላ «ነይ» ቢሉሽ ፍለጋ ትገቢያለሽ። እስኪስማሙ ድረስ Maybe ወይም Tentative ላይ አቆይው። ሲስማሙ ብቻ እምቢታውን አስገቢ፤ ማስታወሻው ላይም «በስልክ ለመጨረስ ተስማምተናል» ብለሽ ጻፊ።

ዝምታን እሺታ አድርገሽ አትውሰጂው። ሰኞ 11 ሰዓት ድረስ መልስ ካልመጣ ደውለሽ ኢሜይሉን አይተውት እንደሆነ ጠይቂ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሐሙስ ጠዋት ለመድረስ ረቡዕ መነሳት ስላለብሽ ማክሰኞ ሳይመሽ ቁርጡን ማወቅ ይኖርብሻል።

ስልኩን የጠየቅሽው አንቺ ነሽና የምትደውዪው አንቺ ነሽ፤ ሂሳቡም የአንቺ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ «ለፊርማው ነው የደወልኩት» ብለሽ ጀምሪ፤ የየአማራጩን ችግር ተናገሪና የአንቺን ሐሳብ አስቀድሚ፣ ለምሳሌ «ግምጃ ቤቱ ያስቆጥር እንጂ ቆጣሪ ሆኖ አይፈርም»። ዕቃውን የሚይዝ ሰው ራሱ ቆጥሮ ከፈረመ ቆጠራው ማስረጃ አይሆንም። 15 ደቂቃው ሲሞላ ባይጨርሱም «ጊዜዎን ልጠብቅ» በይ፤ አጭር ያልሽው ስልክ ሰዓት ከፈጀ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምንሽ የለም። ከዚያ በዚያኑ ቀን ሁለት መስመር ጻፊ፦ «በዛሬው ስልክ እንደተስማማነው ከኮሚቴው ጋር … ይፈርማሉ።» ሙያዬ ኦዲት በመሆኑ ይህቺን አጠብቃታለሁ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኦዲተር ፊት የለም። ይህ ኢሜይል ካልተጻፈ ስብሰባው ላይ መሄዱ ይሻልሽ ነበር።

አባትሽን በተመለከተ፣ ሐሳባቸው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ተሳስተዋል፤ በትሕትና «አይሆንም» በያቸው። ኃላፊዋ የጠሩሽ ሥራ እንዲያልቅ ነው፤ እንጀራን የሚዘጋው መልስ ሳይሰጡ መጥፋት ነው። የአበሉን ነገር ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፦ ለሁለት ቀን አበል ብለሽ የዓመቱን ቆጠራ ጥለሽ ከሄድሽ፣ ሐምሌ ላይ ለሚገኘው ልዩነት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ አበሉን ውሰጂ ያሉሽ ባልደረቦች አብረውሽ አይፈርሙም። የቤት ኪራይሽ አበል ካልተጨመረ የማይሞላ ከሆነ፣ ያ የደመወዝ ጥያቄ ነው፤ ለብቻው መነሳት አለበት።

ኤሲሲኤ ጀምሪ፤ በአንቺ መስክ ከማስተርስ ይልቅ እሱ ያዋጣል፣ ፈተናውንም ሐዋሳ እየሠራሽ አንድ በአንድ ማለፍ ትችያለሽ። ዝውውሩን የቆጠራው ሪፖርት ከተፈረመ በኋላ ጠይቂ።

ኃላፊዋ «አይ፣ በአካል ነይ» ካሉ ሁለተኛ አትከራከሪ። ማክሰኞ ማታ የመጨረሻዎቹን የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቁጥሮች በወረቀት ጽፈሽ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በፊርማ አስረክቢ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ዕቃ ካለ ቁጥሩን በስልክ ሳይሆን በዚያው ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩት ተነጋገሩ። የሦስቱን ዕቃዎች ሰነድ ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘሽ ረቡዕ ከጠዋቱ ተነሺ።