ደብዳቤውን ለአባቷ የምታነብላቸው ራሷ ልጅቷ ናት

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር ነኝ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ታረፍዳለች። ባለፈው ዓመት ስለ ሌላ ተማሪ ለወላጆቹ ደብዳቤ ብልክ አባቱ ገርፎት ልጁ ጭራሽ ቀረ። ዝም ማለትም አልችልም። ጠንካራ ሆኖ ልጅቷን የማይጎዳ ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ መምህር፣ ከደብዳቤው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል የምትደርስበትን ሰዓት ከነደቂቃው ይመዝግቡ። ሁልጊዜ በተቀራረበ መጠን የምታረፍድ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሳትጨርሰው የማትወጣው ሥራ ሊኖር ይችላል። የምታረፍደው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የአንድ መምህር በሆነባቸው ቀናት ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱን ክፍል ውስጥ ይፈልጉት። ያን ጊዜ ለወላጅ መጻፉ ያለ ቦታው ነው።

ከዚያ ለብቻዋ ያነጋግሯት። «ለምን አረፈድሽ?» ሲባል ልጅ የሚሰማው ክስ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ይልቅ «ከእንቅልፍሽ ተነሥተሽ እዚህ እስክትደርሺ ምን ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። ኅዳር የአጨዳ ወቅት ነውና እናቷ በማለዳ ማሳ ስለሚወርዱ ውኃ መቅዳቱና ቤት ማሰናዳቱ በእርሷ ላይ ወድቋል እንበል።

አሁን ደብዳቤውን ማን እንደሚያነበው ያስቡ። ወላጆች ማንበብ በማይችሉበት ቤት፣ ማታ ምድጃ ዳር ጮክ ብላ የምታነበው ራሷ ልጅቷ ናት። «ሥነ ምግባር የጎደላት» የሚል ቃል ካለበት ወይ ዘልላው ታልፋለች፣ ወይ አንብባ ሳትጨርስ ዱላ ይነሣል። ስለዚህ በልጅቷ አንደበት ሊነበብ የሚችል ደብዳቤ ይጻፉ፤ እንዲህ ያለ፦

«ይድረስ ለተማሪ … ወላጆች። እንደምን ሰነበታችሁ? ልጃችሁ ትምህርቷን የምትወድ ተማሪ ናት፤ ይህንን የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ከጥቅምት 10 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 20 የትምህርት ቀናት ውስጥ 11 ቀን አርፍዳለች፤ በእነዚያም ቀናት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አምልጧታል። ትምህርት የሚጀመረው በ2፡00 ሰዓት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ በየቀኑ በዚህ ሰዓት መገኘት አለባት። ወቅቱ የአጨዳ እንደሆነና ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። እንዴት እንደምናደርግ እንድንመካከር ኅዳር 12፣ ለሚካኤል፣ ከቅዳሴ መልስ ከሁለት አንዳችሁ ኑ፤ ቢሮ እጠብቃችኋለሁ። ያመለጣትን ትምህርት እኔ አስጠናታለሁ። በዚህ ምክንያት እንዳትመቷት ግን አደራ።»

ጥንካሬው ያለው በቁጥሩና በቀኑ ላይ ነው። «ሁልጊዜ ታረፍዳለች» ብለው ቢጽፉ እናቷ «ትናንት በጊዜ ሄዳ የለም እንዴ?» ብለው በአንድ ቃል ያፈርሱታል፤ 11 ቀን ግን ከመዝገብ የወጣ ነው። ኅዳር 12ን የመረጥኩት በዓሉን የሚያከብር ገበሬ በዚያ ቀን ማሳ ስለማይወርድ ነው። በአጨዳ ቀን ጠርተው የቀረን አባት ግዴለሽ ማለት አይገባም።

ልጅቷ የነገረችዎን ግን አይጻፉ። «ውኃ እንደምትቀዳ ነግራኛለች» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር የቤት ገመና እንዳወጣች ታስቆጥርባታለች። «ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም» የሚለው የተለመደ ማስፈራሪያም ይቅር፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ያመለጣትን ልጅ ቀኑን ሙሉ ያስቀራታል። ደብዳቤውን ስትቀበል ከፈራች ደግሞ በእርሷ እጅ አይላኩት፤ ወላጆቹ በሚያከብሩት ሰው በኩል ይላኩ።

ጨርሶ ደብዳቤ የማይጻፍበት ጊዜም አለ። በሰውነቷ ላይ የዱላ ምልክት ካዩ ወይም ሊድሯት እንደሆነ ከሰሙ፣ ጉዳዩ የማርፈድ መሆኑ ቀርቷል። በቀጥታ ለርእሰ መምህሩና በወረዳው የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

አባቷ ሲመጡ ደግሞ ለሚሏቸው ሁሉ «እሺ መምህር» ብለው ሊመለሱ ይችላሉ። ይህ አክብሮት ነው፤ ስምምነት ነው ብለው አይውሰዱት። «ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ውኃ የሚቀዳው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የታላቅ ወንድሟ ስም ተጠርቶ ወይም ሥራው ከትምህርት መልስ ይሁን ተብሎ ቁርጥ ያለ መልስ እስኪሰጥ ድረስ፣ ሩብ ሰዓት ቢረዝምም፣ አያሰናብቷቸው።