የጋራ ኢሜይላችን አዲስ ሌብሎች፦ ጥያቄና መልስ

ማስታወቂያ፦ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቢሮው የጋራ ጂሜይል የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ሌብል ይደረግበታል። ሌብሎቹ አራት ናቸው፦ «ግዥ ይመልስ»፣ «ሒሳብ ይመልስ»፣ «ሰው ኃይል ይመልስ»፣ «ከውጭ እየጠበቅን»። ጉዳዩ ሲያልቅ ሌብሉን አንሥታችሁ አርካይቭ አድርጉት። ደብረ ማርቆስም ቡሬም ያላችሁ በዚሁ ትሠራላችሁ። ያልገባችሁን ጠይቁኝ።
የቢሮ ኃላፊ

ከግዥ፦ «ይሄ ያው ፎልደር ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?»

መመሳሰሉ ልክ ነህ። ግን አንድ ደብዳቤ ሁለት ሌብል ሊኖረው ይችላል፣ ደብዳቤው ግን ያው አንዱ ነው። ስለዚህ ሌብል ማንሣትና ደብዳቤ ማጥፋት ለየቅል ናቸው። Delete ካልክ ከሁላችንም ዘንድ ይጠፋል፤ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ቆይቶ ጭራሽ አይገኝም። እባካችሁ Delete አትንኩ።

ከሒሳብ፦ «እኔ የምሠራውን "ያልተነበበ" አድርጌ እተወዋለሁ። አይበቃም?»

አይበቃም። አካውንቱ አንድ ነው። ሌላ ሰው ሲከፍተው ለአንቺም የተነበበ ይሆናል፤ ጉዳዩ የተረሳው እንዲህ እየሆነ ነው።

ከቡሬ፦ «የጄኔሬተር ጥገና ጠይቄ እስካሁን መልስ የለም። ሌብሉ ይህን ይፈታል?»

ያንተን ጉዳይ እንደ ምሳሌ ልውሰደው። ደብዳቤህ ሲገባ መዝገብ ቤት «ግዥ ይመልስ» ይለዋል። ግዥ ለጋራዡ ዋጋ ጠይቆ ይጽፋል፤ ያኔ የራሱን ሌብል ያነሣና «ከውጭ እየጠበቅን» ያደርገዋል። ሌብሉ የሚነግረን ስለምን እንደተጻፈ ሳይሆን ቀጣዩ ሥራ የማን እንደሆነ ነው። ችግር የሚመጣው ጋራዡ በዚያው ደብዳቤ ላይ ከመመለስ ይልቅ አዲስ ኢሜይል ሲልክ ነው። አዲሱ ካንተ ጥያቄ ጋር አይያያዝም፣ ሌብልም የለውም። ስለዚህ የእርስ በርስም የውጭም መልስ Reply ተብሎ ይላክ፤ ለጋራዡም ይህን ንገሩት።

ከመዝገብ ቤት፦ «ሌብል ያልተደረገበትን በምን አገኘዋለሁ? ብዙ ነው እኮ።»

እትዬ፣ ጠዋትና ከሰዓት ይህን መፈለጊያው ላይ ይጻፉ፦

```
in:inbox has:nouserlabels
```

አንዳንዴ ሌብል ያለው ደብዳቤም አብሮ ይወጣል። አይደናገጡ። ሌብል የሚቀመጠው በየመልእክቱ ላይ ስለሆነ፣ ከኋላ የገባው መልስ ገና አልተሰጠውም ማለት ነው። እንዲያውም እሱን ቶሎ ይዩት። አርካይቭ የተደረገ ጉዳይም መልስ ሲመጣበት ወደ ኢንቦክስ ይመለሳል፤ እዚሁ ያገኙታል።

ከሰው ኃይል፦ «የዲሲፕሊን ደብዳቤ ሌብል ከተደረገበት ሌላው አያየውም አይደል?»

ያየዋል። ሌብል ይለያል እንጂ አይደብቅም። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ ይከፍተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የተለየ አድራሻ ይከፈት ወይስ በወረቀት ይቀጥል የሚለውን ገና አልወሰንንም። እስከዚያው ግን ወደ ጋራው ኢሜይል አትላኩት።