የሰው ፎቶ ቆርጦ ወደ ራስ ፎቶ ማስገባት፦ ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፎቶ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የምሠራው በአብዛኛው የማሸጊያና የባነር ዲዛይን ነው። ሰው ወይም ዕቃ ከአንድ ፎቶ ቆርጦ ሌላ ላይ ስለማስገባት ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ዛሬ ከሰዓት ለዚሁ ተቀምጫለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉን የማውቀው እንጀራዬን ስለሚነካው ነው።

ቡና ቆልቼ፣ አሽጌ መሸጥ ልጀምር ነው። አንዲት እናት ቡና ሲለቅሙ የሚያሳይ ቆንጆ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አግኝቻለሁ። እሳቸውን ብቻ ቆርጬ ጎማ ወረዳ ያለው የአጎቴ ማሳ ፎቶ ላይ ላስገባቸው ነው። ፎቶ አንሺውን ባስፈቅድ ይበቃል? (ከሄርማታ)

አይበቃም ወንድሜ። እዚህ ፎቶ ላይ ሁለት ሰው መብት አለው። ፎቶውን ያነሳው አንድ፣ ፎቶው ውስጥ ያሉት እናት ሁለት። የአንዱ ፈቃድ የሌላውን አይተካም።

የፎቶ አንሺው መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ ውስጥ ነው ያለው። ማባዛትም ሆነ ቀይሮ መጠቀም የሱን ፈቃድ ይፈልጋል። የእናትየዋ ደግሞ ከዚያ በፊት ጀምሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ተጽፏል። ቁጥር 27ን አንብበው። የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ነው የሚለው። የቡና ከረጢት ደግሞ ይባዛል፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ ይሸጣል። ሦስቱም አንድ ላይ መጡ ማለት ነው።

ይሄ ነገር ውጭ አገርም ሰው አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውስትራሊያው የሞባይል ስልክ ድርጅት ቨርጂን ሞባይል፣ ፍሊከር የሚባል የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ያገኘውን የአንዲት አሜሪካዊት ታዳጊ ፎቶ ለማስታወቂያ ተጠቀመበት። ፎቶ አንሺው ለንግድም ቢሆን ተጠቀሙበት የሚል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለጥፎበት ነበር። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ቤተሰቧ ቴክሳስ ላይ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ አውስትራሊያ ባለው ድርጅት ላይ ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋው፤ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ። ለኛ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ግልጽ ነው፦ ያ ፈቃድ የሚናገረው ስለ ፎቶ አንሺው መብት ብቻ ነው። ፎቶው ውስጥ ስላለው ሰው ምንም አልሰጠህም።

አንተን የምመክርህ ፎቶውን ተወው ብዬ ነው። የለቀማ ወቅት ሲደርስ አጎትህ ማሳ ድረስ ሂድና እዚያው የሚለቅሙ እናት አስፈቅደህ አንሳ። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅ። ፎቶው በምን ላይ እንደሚታተም፣ የት የት እንደሚሸጥ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደምትከፍላቸው ጻፍ። ብዙ ሰው የሚረሳትን አንዲት መስመርም ጨምር፦ «ምስሌ ተቆርጦ ሌላ ቦታ ላይ እንዲገባ ተስማምቻለሁ»። ለመነሳት እሺ ያለ ሰው ለመቆረጥም እሺ ብሏል ማለት አይደለም። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነ የጣት አሻራ ብቻ አስተማማኝ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 እንዲህ ያለ ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድድም ስለሚል፣ ውልና ማስረጃ ብትወስዳቸው ይሻላል።

ደግሞ ከማሳተምህ በፊት የከረጢቱን ናሙና በስልክህ አሳያቸው። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሲያደርግ እናትየዋ ራሳቸውን አይተው፣ «ይሄ ሻሽ የሥራ ነው፣ የክት ሻሼን አድርጌ ልነሳ» አሉ። እንደገና ተነሱ። ፈቃድ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰውየው የሚወጣበትን መልክ አይቶ ይወስናል።

እኔ ግን የማውቀው ፎቶውን ከግማሽ በላይ ከቀየርከው አዲስ ሥራ ይሆናል። ያኔ የራስህ ነው፣ ማንንም አትጠይቅም። (ግራፊክ ዲዛይነር)

ግማሹ ልክ ነው። ያንተ ፈጠራ ያለበት ቅንብር ያንተ ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳለ ቢወስድብህ መከራከር ትችላለህ። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ፎቶ ባለቤትነት አይጠፋም። አዋጁ ውስጥ «ከግማሽ በላይ» ወይም «30 በመቶ» የሚል ቁጥር የለም። ይሄ ወሬ ከዲዛይነር ወደ ዲዛይነር ሲተላለፍ የኖረ ነው። በሰው ፊት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ባክግራውንዱን መቶ በመቶ ብትቀይረውም እናትየዋ እናትየዋ ናቸው፤ ጎረቤት ያውቃቸዋል።

አባታችን አርፈዋል። እህቴ ልታገባ ነው፤ በሠርጉ የቤተሰብ ፎቶ ላይ አባባን ማስገባት እንፈልጋለን። ያለን በ1985 ፎቶ ቤት የተነሱት ጉርድ ፎቶ ነው። ታላቅ ወንድማችን ግን አይሆንም ብሏል። መወሰን የሚችለው ማነው? (ከጅሬን)

ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ፎቶ ቤቱን እናንሳ። በአዋጁ የፎቶግራፍ ሥራ የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው ፎቶው ከተነሳ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የ1985ቱ አልፏል። በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።

የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 30 የሞተ ሰው ምስል ክብሩን ወይም ስሙን በሚነካ መንገድ ሲወጣ ቤተሰቡ እንዲከራከር ይፈቅዳል። ቅድሚያው የባል ወይም የሚስት ነው። እሷ ከሌለች ወይም አቅም ካጣች ልጆች ይመጣሉ። ታላቅ ወንድም ታላቅ ስለሆነ ብቻ የተለየ ሥልጣን የለውም። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ከሁሉም በፊት እሳቸውን ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ ክብር ይነካል ብዬ አላስብም፤ ስለዚህ ሕጉ እዚህ ላይ ያስገድዳችኋል አልልም። የምለው ከሥራ ልምዴ ነው። እናት ሳይጠየቁ የተሠራ እንዲህ ያለ ፎቶ የሠርጉ ዕለት ሲገለጥ ለቅሶ ያስነሳል፤ የሚያሳዝነውም እንግዳ ፊት መሆኑ ነው።

ወንድማችሁንም ምኑን እንደጠላው ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚከፋው ፎቶው አይደለም፣ አባት በሠርጉ ላይ የነበሩ አስመስሎ ማውጣቱ ነው። ጉርድ ፎቶውን በፍሬም ውስጥ አድርጎ ከቤተሰቡ ኋላ ግድግዳው ላይ ማስገባት ይቻላል። ሁለት ቤት በዚህ ተስማምቶልኛል። ሥራውም ይቀላል፣ ምክንያቱም ከጉርድ ፎቶ ላይ ቁመና ፈጥሮ ሙሉ ሰው ለማቆም የሌላ ሰው አካል መዋስ ያስፈልጋል። ያ የሌላ ሰው አካል ደግሞ የማን ነው? ጥያቄው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እኔም እህቴ ቤሩት ናት፣ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ላስገባት ነበር። ስንት ያስከፍላል? (ከፈረንጅ አራዳ)

የዋጋውን ነገር በውስጥ መስመር እንነጋገር። አንተ ያልጠየቅከኝን ግን ልመልስልህ፦ እሷን በስልክ ጠይቃት። ስትጠይቃት ደግሞ ራሷ የምትወደውን ፎቶ ትልክልሃለች። ከፌስቡክ ላይ በስክሪንሻት ከሚወሰደው ጥራቱ ይሻላል። አሠሪዎቿ ቤት የተነሳችውን ከሆነ የምትልከው፣ ከጀርባዋ የነሱ ልጆች አብረው እንዳይቆረጡ ተመልከት።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትን ፎቶ ከዊኪፒዲያ አውርጄ እጮኛዬንና እኔን ፊት ለፊቱ ላቆመን ነው። የዊኪፒዲያ ፎቶ ነፃ ነው አይደል? (ከቆጪ)

ነፃ ማለት ያለ ግዴታ ማለት አይደለም። ፎቶውን ስትነኪው ከሥሩ ያለውን ፈቃድ አንብቢ። CC BY-SA የሚባለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ካለ የፎቶ አንሺውን ስምና ፈቃዱን መጥቀስ፣ መቀየርሽንም መግለጽ አለብሽ። የመጨረሻዋ SA የምትባለዋን ግን ልብ በይ። በዚያ ፎቶ ላይ ሠርተሽ በአደባባይ የምታወጪው ቅንብር በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት። ማለትም አንቺና እጮኛሽ ያላችሁበትን ፎቶ ሌላው ሰው ወስዶ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረውም ፈቀድሽ ማለት ነው። ስልክሽ ውስጥ ከቀረ ችግር የለውም። ቴሌግራም ቻናል ላይ ሊለጠፍ ከሆነ ግን ባይሆን ይሻላል። እህቴ፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን እኮ እዚሁ ነው። ጠዋት ሄዳችሁ ራሳችሁ ተነሱ።

ሰው ሳይሆን ዕቃ ብቻ ብቆርጥስ? ለምሳሌ በርጩማ ወይም ጀበና?

ዕቃው ፊት የለውም፣ ስለዚህ ቁጥር 27 አይመጣም። የፎቶ አንሺው መብት ግን እንዳለ ነው። በርጩማ ከጎረቤት ተዋሰህ ማንሳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥላውም ካንተ ፎቶ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሕግ ተማሪ ነኝ። ቁጥር 28ን ዘለልከው። በአደባባይ ከተካሄደ በዓል ወይም ዝግጅት ጋር የተያያዘ ፎቶ ፈቃድ አያስፈልገውም ይላል። ስለዚህ የጥምቀት ዕለት ያነሳሁትን ሰው ቆርጬ ብጠቀም ሕጋዊ ነው።

አልዘለልኩትም፣ ጥሩ አነሳኸው። ታዋቂ ሰውና ባለሥልጣንም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አሉ። እኔ የማነበው ግን እንዲህ ነው፦ ነፃ የወጣው ምስሉ ከዝግጅቱ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ነው። የጥምቀትን ሕዝብ የሚያሳይ ፎቶ አንድ ነገር ነው። ከሕዝቡ መሃል አንዷን ቆርጠህ የፀጉር ቅባት ባነር ላይ ስታቆማት ጥምቀቱ የት አለ? ያስፈቀደልህን ነገር ራስህ ቆርጠህ ጣልከው።

ይሄ ያንተ ትርጉም ነው። አንቀጹ «ከተቆረጠ» አይልም።

እውነት ነው፣ አይልም። ለማስታወቂያ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ለበዓሉ መጽሔት ሽፋን ቢሆን፣ ያንተ ክርክር ይጠነክራል። ፍርድ ቤት ምን እንደሚል መምህራንህን ጠይቅልንና እዚሁ ጻፍልን። እስከዚያ እኔ ለማስታወቂያ አልሠራም።

የኔን ፊት አንድ የውበት ሳሎን ባነር ላይ አየሁት። የሚዜነት ፎቶዬ ነው፣ ከሙሽራዋ ጎን ቆርጠው አውጥተውኝ ሌላ ቀሚስ አልብሰውኛል። ምን ላድርግ? (ስሜ ይቅር)

አይዞሽ። ሳትጣይ መጀመሪያ ማስረጃ ያዢ። ባነሩን ከነሳሎኑ በር አንሺው፣ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን መንገዱ እንዲታይ ከራቅ ብለሽ። ፌስቡክ ላይም ካለ ሊንኩን ገልብጪ። ከዚያ ዋናውን የሠርግ ፎቶ ፈልጊ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ የፀጉርሽ አወዳደቅ፣ የጆሮ ጌጥሽና በፊትሽ ላይ ያለው ብርሃን አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቀሚሱን ቢቀይሩትም «አንቺ አይደለሽም» ሊሉ አይችሉም።

ቀጥሎ እንዲያነሱት በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቀኑን ጻፊበት፣ ቅጂውን ያዢ፣ የሚመሰክር ሰው ይኑር። በቃል ብቻ አትጠይቂ። ቁጥር 29 እንዲያቆሙ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ፍርድ ቤት ከምስልሽ ያገኙትን ጥቅም አይቶ ካሳ ሊወስን ይችላል። የሞራል ካሳ የሚመጣው ግን ስትጠይቂያቸው ወዲያው ካላቆሙ ነው። ለዚህ ነው የደብዳቤሽ ቀን ትልቅ ነገር የሆነው።

ፎቶውን ማን እንደሰጣቸውም ጠይቂ። ምናልባት ሠርጉን ያነሳው ፎቶ ቤት ነው። ሙሽሮቹ ከፍለው አሠርተዋል፣ ፎቶ ቤቱ ፋይሉን ይዟል፤ አንቺ ግን ለአንዳቸውም በማስታወቂያ ላይ እንድትወጪ አልፈቀድሽም። ሙሽራዋ ጓደኛሽ ስለሆነች ደብዳቤው ሳሎኑ ከመድረሱ በፊት ደውለሽ ንገሪያት። ከሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማው።