ሐኪሙ ወደፊትና ወደኋላ እያለ ሲናገር

«የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሐኪሞችን የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥልጠና ጨርሻለሁ። በቅጥር ፈተና ላይ የኦፕሬሽን ኖት አደራጂ ይሉኛል። ቃላቱ ይገቡኛል፤ ሐኪሙ ግን እየዘለለ ስለሚናገር የቱ የት እንደሚገባ ይምታታብኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ምንም ሳትጽፊ ቅጂውን እስከ መጨረሻው ስሚው። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ነገር «ሐኪሙ ይህን መቼ አወቀው?» ብለሽ ጠይቂ። ሆድ ሳይከፈት የሚያውቀው ከሆነ ቦታው ኢንዲኬሽን፣ ማለትም የቀዶ ጥገናው ምክንያት የሚጻፍበት የኖቱ ክፍል ነው። ከፍቶ ያየው ፋይንዲንግ ነው። በእጁ የሠራው ፕሮሲጀር ውስጥ ይገባል።

የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና እንውሰድ። ሐኪሙ እንዲህ አለ እንበል፦ «ታካሚው ከትናንት ጀምሮ ቀኝ የታችኛው ሆዱን ያመዋል፣ ትኩሳትም አለው። በማክበርኒ ቦታ ከፈትን። ትርፍ አንጀቱን ከሥሩ አስረን ቆረጥን። በሳላይን አጠብን። ፋሺያውን በቫይክሪል ሰፋን። አዎ፣ ስንገባ 50 ሚሊ ሊትር ያህል መግል ነበር፤ የትርፍ አንጀቱ ጫፍም ተበስቷል። ቆዳውን ክፍት ትተነዋል። አንቲባዮቲክ ይቀጥል።»

መግሉን ያነሳው ስለ ስፌት እያወራ ነው። ቦታው ግን ፋይንዲንግ ነው። እጥበቱ የተሠራ ሥራ ስለሆነ ፕሮሲጀር ውስጥ ይቀራል። የፋሺያው ስፌትና ክፍት የተተወው ቆዳ ቁስሉ እንዴት እንደተዘጋ የሚጻፍበት ክሎዠር ውስጥ ይገባሉ።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚጥለው ኢንዲኬሽን ላይ «የተበሳ ትርፍ አንጀት» ብሎ መጻፍ ነው። ሐኪሙ ሲገባ የጠረጠረው አጣዳፊ የትርፍ አንጀት ብግነት ነው፤ መበሳቱን ያወቀው ከከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ የተጻፈው የበሽታው ስም ቢለያይ አትደንግጪ። እንዲመሳሰሉ ብለሽ አንዱን አታስተካክዪ።

ትዕዛዙ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። እንዲህ ዓይነት ታካሚ ብዙ ጊዜ ሴፍትራያክሶንና ሜትሮኒዳዞል እንደሚታዘዝለት ታውቂ ይሆናል። ሐኪሙ ስሙን ካልጠራ ግን አትሙዪለት። ቦታውን ባዶ ትተሽ፣ የቅጂውን ደቂቃ ጽፈሽ ወደ እሱ መልሺ። «ፊፍቲን» ይሁን «ፊፍቲ» ካልለየልሽም እንዲሁ አድርጊ። አንድ ቦታ ቀኝ፣ ሌላ ቦታ ግራ ካለም አንቺ አትምረጪ፤ ምልክት አድርጊበትና ሐኪሙ ይወስን። መጠን ስትጽፊ ደግሞ 1 ሚሊ ግራምን 1.0 አትበዪው። ነጥቧ ካልታየች 10 ሆኖ ይነበባል፤ የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽንም ይህን አጻጻፍ ከልክሏል።

ቴምፕሌት ከሰጡሽ፣ ቀድሞ የተሞላውን በተለይ እዪ። ብዙ ጊዜ ክሎዠር ላይ «የጎዝና የመሣሪያ ቆጠራው ትክክል ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ከላይ ባለው ቅጂ ግን ሐኪሙ ስለ ቆጠራ አንድም ቃል አልተናገረም። እሱን አጥፊውና ጥያቄ ጻፊበት፤ እኔ ፈታኝ ብሆን መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።