የፈረንሳዩ እንግሊዝኛ ይገባኛል፣ የእንግሊዙ ግን ያመልጠኛል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ለሚሰበሰቡት የእንግሊዝኛ ተማሪዎች የመለስኩላቸውን ነው የጻፍኩት። እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ተማሪን እንደ እንግሊዝኛ የንግግር ምት የሚያስለቅስ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወደ ዘጌ በጀልባ እንግዳ አመላልሳለሁ። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች እንግሊዝኛ ሲናገሩ ይገባኛል፤ የእንግሊዞቹ ግማሹ ያመልጠኛል። በቀደም አንዲት እንግሊዛዊት ምሳ ላይ «ወደ ገዳሙ ሄደናል» ያለችኝ መስሎኝ ወደ ከተማ መለስኳቸው። ለካ አልሄዱም ነበር።

መልስ፦ ጆሮህ ደህና ነው። ፈረንሳዩና ጣሊያኑ እንግሊዝኛውን የሚናገሩት በአገራቸው ቋንቋ ምት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ የሚነገር የቃል ቁራጭ፣ ድርሻውን ያገኛል። አንተም በአማርኛ የለመድከው ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንግሊዛዊቷ ግን ጥቂት ቀለሞችን መርጣ ጠንከር አድርጋ ትጫናቸዋለች፤ የቀሩትን ታሳጥራለች፣ አናባቢያቸውንም ታደበዝዛለች።

ሴትዮዋ ያለችው «ዊ ኩድ ሃቭ ጎን ቱ ዘ ሞናስትሪ» ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ ገዳሙ መሄድ እንችል ነበር ማለቷ ነው። ከአፏ የወጣው ግን «ዊክደቭ ጎን ተዘ ሞነስትሪ» ነው። ከዘጠኙ ቀለሞች ጫና ያረፈባቸው «ጎን» እና «ሞ» ብቻ ናቸው። አንተ የያዝከው እነዚያን ሁለቱን ነው፤ «ሄዱ፣ ገዳም»። አለመሄዳቸውን የሚናገረው «ኩድ ሃቭ» ወደ «ክደቭ» ተጨምቆ አለፈህ። መከራው እዚህ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ጊዜን፣ ይሁንታንና ግዴታን የሚሸከሙትን ቃላት ነው አብዝቶ የሚያሳጥረው።

ጥያቄ፦ እኔ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሐይቁን የሚያይ ክፍል ለጠየቀኝ ሰው «ዊ ካን ጊቭ ዩ» ብዬ መለስኩለት። አዝኖ ሌላ ሆቴል ሄደ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ካን» የሚለውን አጉልተሽ ተናግረሻል። በእነሱ ንግግር መቻልን የሚገልጸው ቃል ከግስ በፊት ሲመጣ «ክን» ይሆናል፤ ጫናው ግሱ ላይ ያርፋል፦ «ዊክን ጊቭ ዩ»። አሉታው «ካንት» ግን አናባቢውን አያደበዝዝም። የመጨረሻዋ «ት» ብዙ ጊዜ ስለማትሰማ ሰሚው የሚለያቸው በአናባቢው ነው። ሙሉ «ካን» ሲሰማ «አንችልም» ያልሽው መሰለው። ምቱ ለመስማት ብቻ ሳይሆን ለመደመጥም ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ አጠናለሁ። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ ከጫና እስከ ጫና ያለው ጊዜ እኩል ነው፣ በእነ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከቀለም እስከ ቀለም። ይኸው ነው።

መልስ፦ ግማሹን ይዘሃል። ሁለቱን ዓይነቶች «በጫና የሚለካ» እና «በቀለም የሚለካ» ብሎ የሰየማቸው የቋንቋ ሊቁ ኬኔት ፓይክ ነው፣ በ1945 እ.ኤ.አ.። የንግግር ድምፅ አጥኚው ዴቪድ አበርክሮምቢ በ1967 እ.ኤ.አ. የዓለምን ቋንቋዎች በሙሉ በሁለቱ ከፈላቸው። በኋላ ግን ንግግሩ በመሣሪያ ሲለካ ያ እኩልነት አልተገኘም። በእንግሊዝኛም ቢሆን በመካከል ብዙ ቀለም ሲገባ ጊዜው ይረዝማል። በልኬት የጸናው የአናባቢው መድከም ነው። «ፎተግራፍ» የሚለው ቃል ፎቶ አንሺውን ሲያመለክት «ፈቶግረፈር» ይሆናል፤ ጫናው ሲዛወር አናባቢዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሰዓት ይዘህ እኩልነት አትፈልግ፤ የደከመውን አናባቢ ፈልግ።

ጥያቄ፦ እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ምት ካላችሁ የእኛም ግጥም ምት አለው፤ ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያ ይቆጠራል?

መልስ፦ የተነሳው የንግግር ምት ነበር፤ ግን ጥሩ ነገር አስታወስከኝ። «ትምህርት» ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፣ ሲነገር ሁለት ቀለም፦ «ትም» እና «ህርት»። ስለዚህ እኛም ሳድሱን እንውጣለን። ልዩነቱ፣ የእኛ «ማ» ወይም «ሎ» የትም ቢገባ «ማ» እና «ሎ» ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ግን ጫና ያጣ አናባቢ፣ ምንም ተብሎ ይጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ወደ «ለ» አናባቢ ያዘነብላል። አማርኛ ከየትኛው ወገን ነው ለሚለው ቁርጥ መልስ የለኝም፤ መጥበቅና መላላቱ ራሱ ምቱን ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ለመለማመድ የእንግሊዞችን ንግግር ቀረጻ በዝግታ ባጫውተው አይሻልም?

መልስ፦ ፋታ ይሰጥሃል፤ ግን «ክደቭ» በዝግታም «ክደቭ» ነው። ይልቅ ጽሑፍ ያለው ቀረጻ ፈልግና አሥር ሰከንድ ያህሉን ብቻ ውሰድ። ሦስት ጊዜ ሰምተህ የያዝከውን ጻፍ፣ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያይ። ያመለጡህን ቃላት አስምርባቸው፤ አብዛኞቹ ያው ትንንሾቹ ሆነው ታገኛቸዋለህ። ቀጥሎ ጫና ባለበት ላይ ጠረጴዛ እየመታህ፣ የቀሩትን በመሐል እያሾለክህ አብረህ በል። አፍህ «ክደቭ» ማለት ሲለምድ ጆሮህም ይለያታል።

ጥያቄ፦ እኔ እንግዳ ተቀባይዋ አንድ ልጨምር። «የስ፣ ዊ ካን» ስልስ? እሱንም ላሳጥረው?

መልስ፦ አታሳጥሪው። እዚያ ላይ ከኋላው ግስ የለም፤ የመጨረሻው ቃል ስለሆነ «ካን» ተብሎ ሙሉውን ይነገራል። እንግዳው ክፍል ሲጠይቅሽ መጀመሪያ «የስ» በይ፤ ከዚያ በኋላ «ካን» ብትዪም አይሳሳትም።