ድስቱን ከድነሽ አታሳድሪው

«ሰላም ቤተሰብ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከቤቴ ለ30 ሰው የቢሮ ምሳ ልሠራ ነው። ጠዋት ስለማይደርስልኝ ወጡን ማታ ሠርቼ ጠዋት ባሞቀው ችግር አለው? በንጽህና በኩልስ ከምንም በላይ ምን ላይ ልጠንቀቅ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቴ እየሠራሁ ለቢሮዎች ምሳ ማድረስ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ማታ መሥራቱ ብቻውን ችግር የለውም። ችግሩ ወጡ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ነው። ይህን ያወቅኩት ደንበኞቼ ታመውብኝ ስለሆነ በአንቺ እንዲደርስ አልፈልግም።

በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ በ20 ሊትር ድስት ቀይ ወጥ ሠርቼ ጨረስኩ። ምንም እንዳይገባበት ብዬ ግጥም አድርጌ ከደንኩትና ምድጃው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ስከፍተው አሁንም ለብ ያለ ነው። አሸተትኩት፣ ደህና ነው። ቀመስኩት፣ ጣዕሙም ደህና ነው። አሞቅኩና ላክኩት። አንድ ቢሮ ውስጥ 14 ሰዎች 6 ሰዓት ተኩል ላይ በሉ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ስልክ ተደወለልኝ። ስድስት ሰው ቁርጠትና ተቅማጥ ይዞታል። ትኩሳት የለም፣ ትውከትም የለም።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩና ማን ምን እንደበላ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ቀይ ወጥ የበሉት ዘጠኝ ነበሩ። ስድስቱም የታመሙት ከነሱ ውስጥ ነው። የጾም በያይነት ያዘዙት አምስቱ ምንም አልሆኑም። በያይነቱን የሠራሁት ደግሞ የዚያኑ ቀን ጠዋት ነበር። ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ከደንበኞቼ አንዷ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ምልክቱንና ሰዓቱን ስነግራት ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለውን ባክቴሪያ ጠረጠረች። ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ይህ ባክቴሪያ ሥጋ ላይ የተለመደ ነው። ስናፈላው አብዛኛው ይሞታል፣ ግን እንደ ዘር ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚተርፍ አለ። ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ ያ ዘር ይነቃል። ከ40 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። የተከደነ ትልቅ ድስት ደግሞ በዚያ ሙቀት ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ቀምሼዋለሁ፣ አልተበላሸም» የሚለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። የሥጋ ወጥ ሲሆን ማታ ቁሌቱን ብቻ አበስላለሁ። ሥጋውን ጠዋት ነው የምጨምረው። ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ ስለሆነ ጠዋት ላይ ሥራው ይቀልልሻል። የግድ ሙሉውን ወጥ ማታ የሚሠራበት ቀን ከመጣ ግን በድስቱ አላሳድረውም። ወዲያው ሰፋፊ ትሪዎች ላይ እገለብጠዋለሁ፣ ጥልቀቱ ከሦስት ጣት አይበልጥም። ትሪዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ አማስላለሁ፣ ውሃው ሲሞቅ እቀይራለሁ። ቀን ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያበረድኩት በረዶ ካለ ሳፋው ውስጥ እጨምራለሁ። መስፈርቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ መውረድ ነው። ከዚያ ፍሪጅ ገብቶ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት 5 ዲግሪ መድረስ አለበት። ትሪዎቹን አትደራርቢያቸው፣ በመካከላቸው አየር ይለፍ። ትኩስ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተትም መፍትሔ አይደለም። መሃሉ ሳይበርድ ያድራል፣ ጎኑ ያለውን ወተትና ሥጋም ያሞቅብሻል። መብራት ሄዶ ካደረና ፍሪጁ ከሞቀ ያንን ወጥ ለሰው አልልክም። ኪሳራው ያማል፣ ግን አልልክም።

ለዚህ ሁሉ ቴርሞሜትር ያስፈልግሻል። መርፌ ያለውን ዲጂታሉን ግዢ። ትክክል መሆኑን በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውሃ ሞክሪው፣ 0 ማለት አለበት። በፈላ ውሃ ከሞከርሽው 100 አትጠብቂ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር።

ጠዋት ስታሞቂ በከሰል ላይ ቀስ እያለ እንዲሞቅ አትተዪው። በጠንካራ እሳት፣ እያማሰልሽ፣ መሃሉ ጭምር እስኪፍለቀለቅ አሙቂው። መሃሉ 74 ዲግሪ ማለፍ አለበት። አንዴ ሞቆ የተረፈው ተመልሶ ለሽያጭ አይሞቅም። ሩዝ ግን ፈጽሞ ማታ አትሥሪ። ሩዝ ላይ የሚያድገው ሌላ ባክቴሪያ የሚተፋው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። ትኩስ ምግብ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። እኔ ይህን ያረጋገጥኩት አንድ ትርፍ ምሳ ዕቃ ምሳውን ከሚያደርስልኝ ልጅ ጋር በመላክ ነው። ሁሉንም ቢሮ ዞሮ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ከፍቶ ለካው፣ 51 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ምሳ ዕቃዎቹን ከመሙላቴ በፊት የፈላ ውሃ ሞልቼባቸው አምስት ደቂቃ አቆያለሁ። ወጡንም ከእሳት ላይ ሳላወርድ ነው የምሞላው፣ ልጁ ሊወጣ ሲል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ትርፍ ምሳ ዕቃ 64 ላይ ደረሰ። አንቺም በመጀመሪያው ሳምንት ሞክሪው፣ ወጪው አንድ ጭልፋ ወጥ ነው። ለብ ለብ ክትፎ የሚያዝሽ አይጠፋም። እኔ አልቀበልም፣ ምግብ ቤት ሄደው ይብሉ እላለሁ።

በንጽህና በኩል የእኔን ቤት ይፈትነው የነበረው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ባልዲ ሞልተን በጣሳ እየጠለቅን እንታጠብ ነበር። ጣሳውን የነካ እጅ ሁሉ ውሃውን ያበላሸዋል። አሁን ቧንቧ ያለው ጀሪካን ከፍ አድርጌ ሰቅያለሁ፣ ሥሩ ሳሙና አለ። ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የነካ እጅ እዚያ ሳይታጠብ ምንም አይነካም። የሥጋ መክተፊያና ቢላ ለብቻ ነው። ለሰላጣ ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ቲማቲሙንና ቃሪያውን እሳት አያገኘውም። አትክልቱን የማጥበው የፈላ ወይም በክሎሪን የታከመ ውሃ ካለኝ ብቻ ነው። ከሌለኝ ያን ቀን ሰላጣ የለም፣ ጎመን እጨምርላቸዋለሁ።

ረዳት ካለሽ ሌላ ነገር አለ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛት ልጅ ካቆመላት በኋላም 48 ሰዓት ወጥ ቤት አትገባም። ደመወዟን ካልቆረጥሽ ትነግርሻለች። ከቆረጥሽ ትደብቅሻለች። እኔ አልቆርጥም።

በየቀኑ ከእያንዳንዱ ምግብ ሁለት ሦስት ማንኪያ በንጹህ ዕቃ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰው ቢደውልልኝ የቱ ምግብ እንደሆነ በግምት አልከራከርም። ቴርሞሜትሩን ከየት እንደገዛሁ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።